የዐረብኛው ጧእ የእኛ ጠ አይደለም፦ ወፍራም ድምፆች፣ ሐ እና ዐ

[ስክሪን ላይ፦ የበለስ ፍሬ እና ጭቃ ጎን ለጎን]

በዐረብኛ «ቲን» በለስ ነው። «ጢን» ደግሞ ጭቃ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁለተኛውን ስንሰማ «ይሄማ ቀላል ነው፣ ጠ አለን» እንላለን። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ አብረን እንሞክር። ውሃ ውስጥ ልትጠልቁ እንደሆነ አድርጋችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ። እንደያዛችሁ ጥ፣ ጥ፣ ጥ በሉ።

[ሦስት ሰከንድ ዝምታ]

ወጣ አይደል? የእኛን ጥ የሚያፈነዳው ከሳንባ የሚመጣ አየር አይደለም። በተዘጋው ጉሮሮና በምላስ መካከል የታፈነው ትንሽ አየር ነው። የቋንቋ ባለሙያዎች ጠን፣ ጸን እና ቀን «ፈንጂ» የሚሏቸው ለዚህ ነው።

የ«ጢን» መነሻ ድምፅ የሆነው የዐረብኛው ጧእ ግን አይፈነዳም። ትንፋሽ ተይዞም አይወጣም። ምላሳችሁን ለት እንደምታስቀምጡት ከላይኛው ጥርስ ጀርባ አድርጉት። ጫፉ እዚያው ይቆይ። የምላሳችሁን ሥር ወደ ኋላ ሳቡት፤ መሃሉ እንደ ማንኪያ ይጎድጉድ። አሁን ጉሮሯችሁን ሳትዘጉ ልቀቁት። ድምፁ ከት ወፈር ይላል፣ ከኋላው ያለው አናባቢም ይጨልማል። ቁርአን የቀራችሁ ይህን ውፍረት «ተፍኺም» በሚል ስሙ ታውቁታላችሁ። በጥ እና በአናባቢው መካከል ትንሽ ክፍተት ከተሰማችሁ ግን ወደ አማርኛው ተመልሳችኋል።

ወፍራሙ ስ፣ ሷድም እንዲሁ ነው፤ መለያው እንዲያውም ይቀላል። የእኛን ጽ ለማስረዘም ሞክሩ። አይሆንም፤ ታፍኖ የነበረው አየር ወዲያው ያልቃል። ሷድ ግን እንደ ስ ትንፋሻችሁ እስኪያልቅ ይቀጥላል። «ሰይፍ» በቀጭኑ ስ ጎራዴ ነው። በሷድ ሲሆን ግን በጋ ይሆናል።

የቀሩትን ወፍራም ድምፆች፣ ዷድን እና ዟእን፣ አላበዛባችሁም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የዕለት ንግግር ሁለቱ በአብዛኛው አንድ ድምፅ ሆነዋል።

[ስክሪን ላይ፦ ሀ ሐ ኀ፣ አ ዐ]

አሁን ወደ ጉሮሮ እንግባ። በፊደላችን ሐ እና ዐ አሉን፣ ግን እንደ ሀ እና እንደ አ ነው የምናነባቸው። በግዕዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ትግርኛ እስከ ዛሬ ይዟቸዋል። ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት ካላችሁ «ሓደ» እና «ዓይኒ» በልልኝ በሉት። የሚያስፈልጋችሁን ድምፅ በጆሯችሁ ትሰማላችሁ። ከዚህ በኋላ በዚህ ቪዲዮ ሐ እና ዐ ስጽፍ እነዚያን ጥልቅ ድምፆች ማለቴ ነው።

ከሐ እንጀምር። መስታወት ልትወለውሉ በትንፋሻችሁ እፍ ስትሉበት የሚወጣውን ሀ አስቡ። እሱን እያወጣችሁ የምላሳችሁን ሥር ወደ ጉሮሮ ግድግዳ አስጠጉ። አየሩ በጠባብ መንገድ ሲያልፍ ሹክሹክታው ይጠነክራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ኸ ይንሸራተታል። ላንቃችሁ አካባቢ የመፋቅ ስሜት ካለ ኸ ሆኗል ማለት ነው። ሐ ላንቃን አይነካም፤ ከዚያ በታች ነው። «ሀረም» ፒራሚድ ነው፣ «ሐረም» ደግሞ የመካው ቅዱስ ስፍራ።

ዐ ከሁሉም ያስፈራል፣ ግን ሐን ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉ። ስስስ ብላችሁ ሳታቋርጡ ወደ ዝዝዝ ግቡ። የተለወጠው ነገር የጉሮሮው ንዝረት ነው። አሁን ደግሞ ሕሕሕ በሉ። ምላሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ንዝረቱን ጨምሩ። የወጣው ዐ ነው።

የእኛ ስህተት ዐን እንደ አ መቁረጥ ነው። በአ ጉሮሮ ለአፍታ ይዘጋል። በዐ ግን ይጠባል እንጂ አይዘጋም። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ልታቆዩት ከቻላችሁ ዐ ነው። ካልቻላችሁ አ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ዒንዲ ዐመል]

አንዲት እህት ሪያድ ሆና በስልክ «ሥራ አለኝ» ለማለት ፈለገች እንበል። «ዒንዲ ዐመል» ትላለች። ሁለተኛውን ዐ ከቆረጠችው «ተስፋ አለኝ» ይሆንባታል፤ «አመል» በዐረብኛ ተስፋ ነውና። ልምምዱን በዚሁ ዐረፍተ ነገር ጀምሩት፤ ሁለቱም ቃል በዐ ይጀምራል። ቀጥሎ በቃል መሃል ያለውን «ነዐም» ሞክሩ፣ አዎ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ «ጃሚዕ»፣ መስጊድ። ከሦስቱ የሚከብደው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ከዕ በኋላ የሚደግፈው አናባቢ የለም። በስልካችሁ ቀድታችሁ አዳምጡት። «ጃሚ» ብቻ ከተሰማችሁ ዕ ጠፍቷል። መጨረሻው ድንገት ቀጥ ካለ ደግሞ በእ ዘግታችሁታል። ጉሮሮው እየጠበበ ድምፁ ቀስ ብሎ ሲከስም ነው የሚገኘው።