ፊደሉ ተገፋ እንጂ ቁጥሩ አልተገፋም

ውድ ሠልጣኞች፣ ውድ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

የስልጠናውን መዝጊያ ንግግር ስጥ ስባል ስለ ሁሉም ትምህርት ትንሽ ትንሽ እንድናገር ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ስለ አንዱ ብቻ፣ ፊደል ገፍቶ ጽሑፍን ስለመመስጠር ልናገር። ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስለሆነ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። የደንበኞች ማስታወሻ ሁሉ «ተመስጥሯል» ይሉን ነበር። አንድ ቀን ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። እያንዳንዱ ፊደል 3 ቦታ ወደፊት ተገፍቷል፤ ሌላ ምንም የለም። A የነበረው D ሆኗል፣ B የነበረው E ሆኗል። X ላይ ሲደርስ ዞሮ A ይሆናል። ጁልየስ ቄሳር በምስጢር ደብዳቤው የተጠቀመው ይህንኑ የ3 ግፊት ነው! ለኃላፊው ነገርኩት። «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ 7 አድርገው» አለኝ።

እሺ፣ 7 ይሁን። ስክሪኑን እዩልኝ፦

```
TLLA TL ULHY AOL AYLL ILMVYL ZLCLU
```

ትርጉሙን ተዉት፤ ቁጠሩ ብቻ። በጠቅላላው 28 ፊደል ነው። L ብቻውን 11 ጊዜ ወጥቷል። ከእሱ ቀጥለው የሚመጡት A እና Y ሦስት ሦስት ጊዜ ናቸው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደግሞ ከ100 ፊደል 13 የሚጠጋው E ነው። እንግዲያው L ማለት E ነው ብለን እንገምት። E በተራ 5ኛ ነው፣ L 12ኛ። ልዩነቱ 7። ሁሉንም 7 ወደኋላ መልሱት፦

```
MEET ME NEAR THE TREE BEFORE SEVEN
```

አለቀ! ግምቱ ቢሳሳት ኖሮ የሚነበብ ቃል አይወጣም ነበር። ያኔ L ምናልባት T ይሆናል ብለን እንደገና እንሞክራለን።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። 3ን በ7 መቀየር ምንም አልጨመረም። ግፊቱ የፊደሉን መልክ ይለውጣል እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አይነካም። ብዛታቸውን በግራፍ ብትስሉት ከፍታውና ዝቅታው ያው የእንግሊዝኛው ነው፤ 7 ቦታ ተንሸራትቷል፣ በቃ። የአረቡ ፈላስፋ አል ኪንዲ ይህን ቆጠራ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎ አስቀምጦታል። ከሺህ ዓመት በላይ የታወቀ መንገድ ነው! ሰው አምኖ የሰጠንን ምስጢር በዚህ ሸፍነን «ተመስጥሯል» ማለት ደንበኛውን መዋሸት ነው።

መልእክቱ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ከሆነ ቆጠራው ሊያሳስት ይችላል፤ ይህን አልክድም። ግን ያኔም የሚቻለው ግፊት 25 ብቻ ነው። አንድ በአንድ መሞከር ነው፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

ያንን መሥሪያ ቤት ስለቅ ፋይሉ 7 ላይ ነበር።

አመሰግናለሁ።