ሶሱ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? በደሴ ለወጥ ቤት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከዚሁ ከደሴ የተሰበሰባችሁ የወጥ ቤት ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ሙያውን በመማር ላይ ያላችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

እንድናገር የተጠየቅሁት የቀጠነ ሶስ ስለሚወፍርባቸው ሦስት መንገዶች ነው። እነርሱም በኮርን ስታርች ማወፈር፣ በስብና በስንዴ ዱቄት በሚሠራው ሩ ማወፈር፣ እንዲሁም ምንም ሳይጨምሩ ፈሳሹን በእሳት ማስመጠጥ ናቸው። ብዙ ጊዜ የምንመርጠው እጃችን የለመደውን ነው፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርሁ። ዛሬ ግን ከሦስቱ አንዱን ከመያዜ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ይህ ሶስ ከእሳት ከወረደ በኋላ እስኪበላ ድረስ ስንት ሰዓት ይጠብቃል?

ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ አንድ ሠርግ ነው። በዚህችው ከተማ በምሠራበት አንድ ሆቴል ለ120 እንግዶች በምድጃ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ በሶስ እንድናቀርብ ታዘዝን። አሥር ሊትር የአጥንት መረቅ በቲማቲም ድልህ አዘጋጅቼ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 300 ግራም ኮርን ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ጨመርሁበት። ሶሱ ወዲያው ወፈረ፤ እንደ መስታወትም አብረቀረቀ። ሙሽሮቹ በ12 ሰዓት ይደርሳሉ የተባለው ግን እንደ ሠርግ ደንብ ሆነና ምሽት 2 ሰዓት ላይ ገቡ። ሶሱ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አራት ሰዓት ቆየ፤ ረዳቶቼም እንዳያርበት በየሩብ ሰዓቱ ያማስሉት ነበር። ጭልፋዬን ከትቼ ባነሣው እንደ ሾርባ ፈሰሰ። በድንጋጤ ሌላ ስታርች በጠበጥሁበት፤ ድስቱ ውስጥ ደህና የመሰለው ሶስ ሳህን ላይ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በማንኪያ የሚቆረጥ ሆኖ ረጋ።

የሆነውን ለመረዳት ከእናቶቻችን አብሲት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አብሲት የምትጥል ሴት ከቡኮው ጥቂት ቀንሳ በውሃ አቅጥና፣ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰለች ታፈስሰዋለች፤ ቀጭኑ ነገር ዓይኗ እያየ ይወፍራል። በዱቄቱ ውስጥ ያሉት የስታርች ቅንጣቶች በሙቀት ውሃ እየጠጡ ስለሚያብጡና እርስ በርስ ስለሚጣበቡ ነው። ኮርን ስታርች ከበቆሎ ፍሬ ተለይቶ የወጣ፣ ከዚህ ቅንጣት በቀር ሌላ ብዙም የሌለበት ነገር በመሆኑ፣ በክብደት ሲታይ ከስንዴ ዱቄት እጥፍ ያህል የማወፈር ኃይል አለው። ከተራው የበቆሎ ዱቄት ጋር እንዳታምታቱት፤ ስታርቹ ነጭ ነው፣ በጣት ሲጫኑትም እየተንሿጠጠ ድምፅ ይሰጣል።

ያበጠ ቅንጣት ግን ተሰባሪ ነው። እሳቱ ሲረዝምበት፣ ማማሰያው ሲመላለስበት፣ እንደ ቲማቲምና ሎሚ ያለ ኮምጣጣ ነገርም ሲያገኘው ይፈርሳል፤ ውሃውንም ይለቃል። በዚያ ሠርግ ሦስቱንም አንድ ላይ አድርጌ ነበር። አራተኛ ጥፋት ሳይኖርም አይቀርም፤ ረዳቶቼ የቀመሱበትን ማንኪያ መልሰው ይከትቱ ነበር። ከንጽሕናው ጉዳይ ሌላ፣ ምራቃችን ስታርችን የሚቆራርጥ ነገር አለው፤ ለብ ባለ ሶስ ውስጥ ከገባ ሳናየው ሥራውን ይሠራል። የሕፃን አጥሚት ከተበላ በኋላ የተረፈው ለምን ውሃ እንደሚሆን ያላወቃችሁ ካላችሁ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ኮርን ስታርች ቶሎ ተሠርቶ ቶሎ ለሚበላ ሶስ ነው። የሐይቅ አሳ ተጠብሶ ከነትኩሱ በሎሚ ሶስ ሲቀርብ ከእርሱ የሚሻል የለም፤ የሶሱን ጥራት አያደበዝዝም፣ የአሳውንም ጣዕም አይጫንም፣ ሥራውም አምስት ደቂቃ አይሞላም። ለአንድ ሊትር ፈሳሽ ከ25 እስከ 30 ግራም ስታርች ይበቃል፤ በቤት ልክ ለአንድ ትልቅ ብርጭቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። በእጥፍ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል እንጂ ደረቁን ሙቅ ፈሳሽ ላይ አይነሰነስም፤ ከተነሰነሰ የእያንዳንዱ ጓል ውጪው ቶሎ በስሎ ስለሚዘጋ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጓጉሏል ብሎ መምታት ከንቱ ድካም ነው፤ በወንፊት አጥልሉት። ሎሚው የሚጨመረው ሶሱ ወፍሮ ከእሳት ሲወርድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃችን የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የበቆሎ ስታርች በ65 ዲግሪ አካባቢ ማበጥ ይጀምራል፤ ሙሉ ውፍረቱን የሚያገኘው ግን ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር የመጀመሪያው አረፋ ብቅ ሲል ማውረድ ስሕተት ነው፤ ሶሱ አፍ ላይ የዱቄት ዱቄት ይላል፣ ውፍረቱም ጎዶሎ ይሆናል። ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ አንድ ደቂቃ ካለ፣ እዚህ ቀስ እያላችሁ እያማሰላችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ አንተክትኩት። በስታርች የሚረጋ ክሬም ስትሠሩም ድስቱን በፈላ ውሃ ላይ ሳይሆን በቀጥታ በእሳቱ ላይ ጣዱት፤ 92 ዲግሪ ያለው ውሃ ክሬሙን ከዚያ በታች እንጂ በላይ አያሞቀውም።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመሳሳይ ግብዣ ሲመጣ ሶሱን በሩ ሠራሁት። ሩ ማለት እኩል ክብደት ያለው ስብና የስንዴ ዱቄት አብሮ የበሰለበት ነው። ስቡ እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት ስለሚለብሰው፣ መረቁ ሲገባበት ቅንጣቶቹ ተበታትነው እንጂ ተያይዘው አያብጡም። በስንዴው ዱቄት ውስጥ ስታርች ብቻ ስለሌለ ሶሱ አያበራም፤ ይደፈርሳል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በሙቀት ሲቆይ ከኮርን ስታርች በእጅጉ ይታገሣል። ለሚጠብቅ ሶስ ሩ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ለነጭ ሶስ በአንድ ሊትር 60 ግራም ዱቄትና 60 ግራም ቅቤ መካከለኛ ውፍረት ይሰጣል። ዱቄቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢበስል በቂ ነው፤ ቀለም መያዝ የለበትም። ለተጠበሰ ሥጋ ግን ዱቄቱን ዝግ ባለ እሳት የለውዝ ቀለም እስኪይዝ ማመስ ጣዕም ይሰጣል፤ የቆሎ ሽታ ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ የታመሰ ስታርች ይሰባበራል፣ ባረረም መጠን የማወፈር ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ለአሥር ሊትሩ 600 ግራም የነበረውን ዱቄት 700 አደረግሁት፤ ቅቤውንም እንዲሁ። ጠቁሮ ቡና እስኪመስል የታመሰ ሩ ቢሆን ኖሮ ይህም አይበቃኝም ነበር።

ስለ ቅቤው የሚነሣ ጥያቄ አለ። ውሃው የወጣለት ንጥር ቅቤ ለሩ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ከሆነ ግን ሶሱ ሥጋውን ትቶ ቅቤውን ይሸታል። በጾም ቀን ለሚቀርብ የአትክልት ሶስ ዘይት ያለ ምንም ችግር ቅቤውን ይተካል። የውፍረቱ ጉዳይ የዱቄቱ ስለሆነ ልዩነቱ ጣዕም ላይ ብቻ ነው።

ሩው ትኩስ እንደሆነ መረቁን ለብ አድርጌ በጥቂት በጥቂቱ አፈሰስሁበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጭልፋዎች እንደ ገንፎ ያጠጥሩታል፤ እዚህ ላይ መደንገጥ አይገባም፤ ልስልስ እስኪል መትቶ ቀጣዩን መጨመር ነው። ሁሉም ከገባ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ዝግ ባለ እሳት ተንተከተከ። ሶሱ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የወፈረ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያወርደዋል፤ ምላስ ላይ የሚቀረው የጥሬ ዱቄት ጣዕም የሚጠፋው ግን ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። ዱቄት ያለበት ሶስ ታች ይይዛልና ማማሰያው የድስቱን ወለል እየነካ ይሂድ። በዚያ ቀን ሶሱ ሦስት ሰዓት ጠብቆ፣ አንድ ጭልፋ ትኩስ መረቅ ብቻ ጨምሬበት ቀረበ። ቀጠነ ሳይሆን ትንሽ ጠጠረ፤ የሩ ጠባይ ይህ ነው።

መረቁን ከሩው በፊት ያደረግሁትንም ልንገራችሁ፤ ሦስተኛው መንገድ የሚገባው እዚህ ነውና። 15 ሊትሩን በሰፊ ድስት ክዳኑን ከፍቼ 10 ሊትር እስኪቀር አስመጠጥሁት። ማስመጠጥ በቅድሚያ ጣዕም የማጠንከሪያ መንገድ ነው፤ ማወፈሩ የሚመጣው ፈሳሹ ውስጥ የሚወፍር ነገር ካለ ብቻ ነው። ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ የቅልጥምና የሸኮና መረቅ ጅማቱ ቀልጦ ስለገባበት ሲመጥ ከንፈር እስኪያጣብቅ ይወፍራል። ቁሌትም ቢሆን የሚወፍረው ሽንኩርቱ ፈርሶ ውሃው ስለመጠጠ ነው፤ ጥሩ የቲማቲም ስጎም እንደዚያው። በኩብ የተሠራ መረቅ ግን እስከ ነገ ቢንተከተክ ጨው እንጂ ሶስ አይሆንም። በሁለት ሊትር ውስጥ 16 ግራም ጨው ቢኖር ለመብል ይጥማል፤ አንድ ሊትር እስኪቀር ካስመጠጣችሁት ያው 16 ግራም በአንዱ ሊትር ውስጥ ይቀራል፤ ማንም አይበላውም። ስለዚህ በሚመጥ ሶስ ላይ ጨው የሚገባው መጨረሻ ነው። ማስመጠጥ ጊዜና ጋዝ ስለሚበላም ለጥቂት ሳህኖች እንጂ ብቻውን ለ120 እንግዳ አያዋጣም፤ ለብዙ ሰው ከሩ ጋር ማዳበል ይሻላል።

በየትኛውም መንገድ ስትሠሩ ውፍረቱን በድስቱ ውስጥ አትመኑት። ማንኪያ ነክራችሁ ጀርባውን በጣት አንዴ ስመሩት፤ መስመሩ ሳይከደን ከቆየ ደርሷል። ጠብታ ደግሞ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ጥቂት ጠብቁ፤ እንግዳው የሚያገኘው ያንን ነው። በእኔ ሠርግ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ስታርች ባልጨመርሁ ነበር። ለነገ የሚተርፈውንም አስቡ፤ በኮርን ስታርች የወፈረ ሶስ በረዶ ቤት አድሮ ሲቀልጥ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ውሃ ይለያል።

ከኋላዬ ባለው ምድጃ ላይ ሦስት ድስቶች ተጥደዋል፤ በሦስቱም ያለው ከአንድ የአጥንት መረቅ የተሠራ ነው። አንዱን በስታርች፣ ሁለተኛውን በሩ አወፍሬዋለሁ፤ ሦስተኛው መጥጦ የወፈረ ነው። የስታርቹ ድስት ይህን ንግግር ከመጀመሬ በፊት አንስቶ በእሳት ላይ ስለቆየ መጀመሪያ እርሱን ተመልከቱ። ማንኪያዎቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ እባካችሁ የቀመሳችሁበትን መልሳችሁ አትክተቱ።