ወሬው ሳይቆረጥ መታረም

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላወራችሁ ነው። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በእንግሊዝኛ እያወራሁ እለማመዳለሁ። ለወራት ታዲያ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» እል ነበር። «አይቼዋለሁ» የሚለው አማርኛዬ ነው እንዲህ ያናገረኝ። እንግሊዝኛው ግን «የስተርዴይ» ካለ «ሃቭ»ን አይወድም፤ «አይ ሶው ሂም» ነው የሚባለው።

ጓደኛዬ ታርመኝ ነበር እኮ! «ኦ፣ ዩ ሶው ሂም የስተርዴይ?» ትለኛለች። እኔ «የስ፣ የስ» ብዬ እቀጥላለሁ። ወሬው የጣማት እንጂ እያረመችኝ አልመሰለኝም። ሮይ ሊስተርና ሊላ ራንታ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በፈረንሳይኛ በሚማሩ ልጆች ክፍል ያዩት ይህንኑ ነው። መምህራኑ ከሁሉ አብዝተው የሚያርሙት የልጁን አባባል አስተካክለው መልሰው በመናገር ነበር፤ ልጆቹ ግን በዚህ መንገድ ሲታረሙ አባባላቸውን እምብዛም አያስተካክሉም።

ስለዚህ «በተሳሳትኩ ቁጥር አስቁሚኝ» አልኳት። ያ ደግሞ ባሰ። እርግጠኛ የሆንኩባቸውን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ መምረጥ ጀመርኩ። ስህተቴ ቀነሰ፤ የቀነሰው ግን ንግግሬ ስላነሰ ነው።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። 20 ደቂቃ ያህል እናወራለን፣ እሷ ወረቀት ይዛ ትቀመጣለች። የምታስቆመኝ ያልኩት ጭራሽ ካልገባት ብቻ ነው። የምትጽፈውም አስቀድመን የተስማማንበትን አንድ ዓይነት ስህተት ነው፤ ለምሳሌ ያለፈ ጊዜ ግሥን። መጀመሪያ ሰሞን ትክክለኛውን ብቻ ትጽፍልኝ ነበር፤ እኔም «እንዲህማ አላልኩም» ብዬ እከራከራለሁ። በእውነትም አላስታውሰውም! ስለዚህ ከአፌ የወጣውን እንዳለ እንድትጽፍ ለመንኳት።

ስንጨርስ የተሳሳተውን ታሳየኛለች፤ መልሱን ግን አትነግረኝም። ራሴ ካቃናሁት፣ የማውቀውን ነገር አፌ ቀድሞኝ ነው ማለት ነው። ካቃተኝ ግን አላውቀውም፣ ያኔ ትነግረኛለች። «ለምን?» ብዬ አልጠይቃትም። ቋንቋው አፏን የፈታችበት ስለሆነ ትክክሉን ትሰማዋለች እንጂ ሕጉን አታውቀውም፤ ለማስረዳት ስትሞክር ሁለታችንም እንጠፋለን። «አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትዪዋለሽ?» ነው ጥያቄዬ። ከዚያ ያንኑ ታሪክ በ3 ደቂቃ መልሼ እነግራታለሁ። እርማቱ መግባቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ «ገባኝ» ማለቴ ምንም አያሳይም።

አንድ ችግር አለው። ታሪኩ ከያዛት መጻፉን ትረሳዋለች። ስለዚህ ባዶ ወረቀት ሳይ አልተሳሳትኩም ብዬ አልደመድምም፤ ታሪኩን ሌላ ቀን እደግመዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት «አይ ሃቭ...» ብዬ ጀመርኩና ራሴ «አይ ሶው» አልኩ፣ ወሬውም አልቆመም። ለሚቀጥለው የተስማማነው «ዘ» ላይ ነው፤ የት እንደምጨምራት፣ የት እንደምተዋት ገና አልያዝኩም።