ኪራይ ገንዘብ መድፋት ነው? ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ለደወሉ አድማጮች የተሰጠ መልስ

«ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ለአፓርትመንታችን በወር 2,600 ዶላር እንከፍላለን። አሁን በ450,000 ዶላር አንድ ታውንሃውስ አይተናል። ባንኩ ሞርጌጁ 2,560 ይሆናል ብሎናል፤ ከኪራያችን ያነሰ ማለት ነው። ባለቤቴ ‹ኪራይ ገንዘብ መድፋት ነው፣ ምን እንጠብቃለን?› ትላለች። እውነቷን ነው?»

ወንድሜ፣ ያ 2,560 ብድሩና ወለዱ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ያጫወቱኝን ቁጥሮች ይዤ ልሂድ፤ 10 ከመቶ ማለትም 45,000 ቅድሚያ ትከፍላላችሁ፣ ቀሪውን 405,000 በ6.5 ከመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ትበደራላችሁ። እዚህ ላይ የንብረት ታክሱ በዓመት 5,000 ገደማ አለ። የቤት ኢንሹራንስ 1,500፣ ኤችኦኤ የሚባለው የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ክፍያ በወር 110። ቅድሚያ ክፍያችሁ ከ20 ከመቶ ስለሚያንስ ፒኤምአይ የሚባለው ኢንሹራንስ ይጨመራል፤ በወር 150 ብለን እንያዘው። ፒኤምአይ እናንተን አይደለም የሚጠብቀው፣ ባንኩን ነው፤ ከፋዩ ግን እናንተ ናችሁ። ለጥገና ደግሞ የቤቱን ዋጋ 1 ከመቶ በየዓመቱ ብናስቀምጥ 375 በወር ይሆናል። ሁሉም ሲደመር 3,737 ዶላር ነው። ከኪራያችሁ በ1,137 ይበልጣል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ አባባል እንምጣ። ኪራይ ከፍለው የማይመልሱት ገንዘብ ነው፤ ልክ ናት። ግን ቤት የገዛም ሰው የማይመለስ ገንዘብ ይከፍላል። ከመጀመሪያው ወር 2,560 ውስጥ 2,194ቱ ወለድ ነው። ብድሩን የሚቀንሰው 366 ዶላር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወለዱ ብቻ 26,200 ገደማ ይደርሳል። ታክሱን፣ ኢንሹራንሶቹን፣ ኤችኦኤውንና ጥገናውን ስንጨምርበት በዓመት ወደ 40,300 ዶላር ሄዶ አይመለስም። የኪራያችሁ የዓመት ድምር 31,200 ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የበለጠ የሚደፋው ገዢው ነው።

ታዲያ ሰው በቤት ሀብት ያፈራል የሚባለው ከየት መጥቶ ነው? ከዋጋው ጭማሪ ነው። ቤቱ በዓመት 3 ከመቶ ቢጨምር የሚጨምረው በ450,000ው ላይ ነው፣ እናንተ ባወጣችሁት 45,000 ላይ አይደለም። ማለትም 13,500 ዶላር። በተበደሩት ገንዘብ ማትረፍ ማለት ይኸው ነው። ሲወርድም ታዲያ በ450,000ው ልክ ነው የሚወርደው፤ በ2008 ዓ.ም. በፈረንጆቹ የቤት ዋጋ ሲወድቅ ብዙ ሰው ያወጣው ቅድሚያ ክፍያ ጠፍቶ ዕዳው ከቤቱ ዋጋ በልጦ የተገኘው ለዚህ ነው።

አሁን አምስት ዓመት እናስኬደው። ስትገቡ ለክሎዚንግ፣ ማለትም የግዢው ውል ሲዘጋ ለሚከፈሉ ወጪዎች፣ 13,500 ገደማ ይወጣል። ስትወጡ ለኤጀንትና ለዝውውር ታክስ 6 ከመቶ ይቆረጣል። ቤቱ በዓመት 3 ከመቶ ከጨመረ በአምስተኛው ዓመት 521,700 ያወጣል። የሽያጩ ወጪ ተቀንሶ፣ የቀረው ብድር 379,100 ተከፍሎ፣ ኪሳችሁ የሚገባው 111,000 ገደማ ነው።

ተከራይታችሁ ብትቆዩስ? ኪራዩም፣ ከሞርጌጁና ከፒኤምአዩ በቀር ሌሎቹም ወጪዎች በዓመት 3 ከመቶ ይጨምሩ። ለቅድሚያ ክፍያና ለክሎዚንግ ልታወጡት የነበረውን 58,500 ከነየወሩ ልዩነት በ4 ከመቶ ወለድ ብታስቀምጡት፣ በአምስት ዓመት 140,000 ገደማ ይሆናል፤ በወለዱ ላይ ያለውን ታክስ ሳንቆጥር። ተከራዩ በ29,000 በልጦ ወጣ። ፒኤምአዩ ከስምንት ዓመት በኋላ ይነሳል ብለን ያንኑ ሒሳብ አሥር ዓመት ብናስኬደው ገዢው 225,000፣ ተከራዩ 218,000 ይይዛል። ገዢው ተከራዩን ደርሶ የሚያልፈው አሥረኛው ዓመት አካባቢ ነው።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ። አንደኛ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ትኖራላችሁ? ሁለተኛው ይከብዳል፤ ያንን 1,137 በየወሩ እውነት ታስቀምጡታላችሁ? የኔ ልምድ እንደሚነግረኝ አብዛኛው ሰው አያስቀምጥም። መኪና ይቀይርበታል፣ አገር ቤት ይልክበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይበላዋል። የማያስቀምጥ ተከራይ በአምስት ዓመት 140,000 አይኖረውም። ሞርጌጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አስገድዶ የሚያስቆጥብ ዕቃ ነው፤ ውድ ነው፣ ግን ይሠራል። ባለቤትዎ በዚህ በኩል ከሆነ የሚናገሩት፣ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

የቤቱ ጭማሪ ግምት ሁሉን እንደሚቀይረውም አይርሱ። በዓመት 5 ከመቶ ቢጨምር በአምስተኛው ዓመት 160,000 ይዘው ይወጣሉ፣ ተከራዩን ይቀድማሉ። ምንም ባይጨምር 44,000 ብቻ ነው የሚተርፋችሁ፤ ካስገባችሁት በታች ማለት ነው። ስለዚህ «የዚህ ሰፈር ቤት ሁሌም ይጨምራል» የሚል ኤጀንት ቢያጋጥማችሁ፣ ሒሳቡን በዜሮ ጭማሪ ሥራልኝ በሉት።

«የሞርጌጅ ወለድ ከታክስ ላይ ይቀነሳል አሉኝ። ስለዚህ ከፍ ያለ ወለድ ብከፍል ችግር የለውም አይደል?»

እህቴ፣ ይህ ለሽያጭ የሚነገር ግማሽ እውነት ነው። መንግሥት ለእያንዳንዱ ታክስ ከፋይ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ያለምንም ማስረጃ የሚቀንስለት መነሻ አለ። በ2025 የታክስ ዓመት ለባልና ሚስት 31,500 ዶላር፣ ለነጠላ 15,750 ነበር። የቤት ወለድ የሚጠቅማችሁ ከሌሎቹ ተቀናሾች ጋር ተደምሮ ያንን መነሻ ሲያልፍ ብቻ ነው።

ከላይ ባለው ቤት እንየው። ወለዱ 26,200፣ የንብረት ታክሱ 5,000፣ ለሜሪላንድ የተከፈለው የገቢ ታክስ 6,000 ቢሆን ድምሩ 37,200 ይመጣል። መነሻውን ያለፈው 5,700 ነው። 12 ከመቶ የሚከፍል ቤተሰብ የሚያተርፈው 684 ዶላር፣ 22 ከመቶ የሚከፍል 1,254 ነው። በዓመት ነው፣ በወር አይደለም። ከ26,200 ወለድ ላይ ይህን ካገኛችሁ፣ ወለዱን ዝቅ ማድረግ ሁልጊዜ ይሻላል።

«እኔ አሌክሳንድሪያ ነው ያለሁት። እቁብ ሊደርሰኝ ነው፣ 40,000። እሱን ለዳውን ፔይመንት ልከፍል አስቤያለሁ። የሚያስቸግር ነገር አለ?»

እንኳን ደስ አለዎት፤ ሁለት ነገር ግን አለ።

የመጀመሪያው ወረቀት ነው። ባንኩ የሁለት ወር የሒሳብ መግለጫዎን ይጠይቃል። ከወር ገቢዎ ግማሽ የሚበልጥ ገቢ በአንድ ጊዜ ከታየ ደግሞ ከየት መጣ ብሎ ማስረጃ ይፈልጋል። «እቁብ ነው» ቢሉት የባንኩ ሠራተኛ ምኑን ያውቀዋል? ጥሬ ገንዘብ ከሆነ የበለጠ ይከብዳል። ብዙ አበሻ ቤቱን አግኝቶ፣ ዋጋ ተስማምቶ፣ እዚህ ላይ ነው የሚንገላታው። መፍትሔው ቀላል ነው። ዕጣው እንደደረሰዎት ወዲያው ባንክ ያስገቡት፣ በቼክ ወይም በሒሳብ ዝውውር ቢሆን ይመረጣል፣ ከዚያ ከሁለት ወር በላይ አስቀምጠው ብድሩን ያመልክቱ። የእቁብ ሰብሳቢውን ወረቀትና የየወሩን መዋጮዎን መዝገብም አይጣሉ። ከዘመድ የሚሰጥ ገንዘብ ከሆነ፣ የሚመለስ ዕዳ እንዳልሆነ የሚገልጽ የስጦታ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በትክክል ስጦታ መሆን አለበት።

ሁለተኛው፣ 40,000ውን ሁሉ አይክፈሉት። ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ቤት በገቡ በመጀመሪያው ክረምት ሊቆም ይችላል፤ ለመቀየር ብዙ ሺ ዶላር ይወጣል። እጅዎ ባዶ ከሆነ ክሬዲት ካርድ ላይ ይገባል፣ ከ20 ከመቶ በላይ ወለድ። ቅድሚያ ክፍያውን ትንሽ ቀንሰው የአራት አምስት ወር ወጪ ቢያስቀሩ ይሻላል። ፒኤምአዩን ከፍለውም ቢሆን። እሱ እኮ ለዘለዓለም አይደለም፤ የብድሩ ቀሪ የመጀመሪያው ዋጋ 80 ከመቶ ላይ ሲደርስ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላሉ፣ ክፍያዎን ሳያቋርጡ 78 ላይ ሲደርስ ደግሞ ባንኩ ራሱ እንዲያነሳው ሕጉ ያዛል።

«ቤዝመንቱን ላከራይ ብል ሒሳቡ ምን ይሆናል?»

በጣም ይለወጣል። በዚያው ታውንሃውስ ታችኛውን ክፍል በ900 ቢያከራዩት፣ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ እንኳ በዓመት 9,900 ይገባል። ያንን በ4 ከመቶ ቢያስቀምጡት በአምስት ዓመት 54,000 ያህል ይሆናል። ቤት ሳይገዛ ተከራይቶ የቆየው ሰው የበለጠው በ29,000 ነበር፤ አሁን እርስዎ በ25,000 ቀደሙ። ይህ ከታክስና ከጥገና በፊት ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ይጠብባል። የኪራዩ ገቢ በታክስ ማስታወቂያ ላይ መግባት አለበት፣ ሰዎች የሚደብቁት ነገር ሆኖ ነው እንጂ።

ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ። ኤችኦኤው ማከራየትን ይከለክላል ወይ? ካውንቲው ፈቃድ ይጠይቃል ወይ? ሞንትጎመሪ ይጠይቃል። ሦስተኛው ክፍሉ ነው፤ በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ወይም በር ከሌለው መኝታ ክፍል ተብሎ አይከራይም። «ሁለት ክፍል ያለው ቤዝመንት» ተብሎ የሚሸጥ ቤት ሁሉ ለማከራየት አይሆንም። ባንኩም የሚጠበቀውን ኪራይ ሁልጊዜ እንደ ገቢ አይቆጥርልዎትም፤ ብድሩን ያለ ኪራዩ መቻል አለብዎት።

«ሥራዬ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ዳላስ ሊያዛውረኝ ይችላል። ቢሆንም ልግዛ?»

አይግዙ። በዚሁ ቤት ላይ በሦስት ዓመት ሲሸጡት፣ 3 ከመቶ ጨምሮም ቢሆን ኪስዎ የሚገባው 71,700 ነው። ያወጡት 58,500 እና በየወሩ ከኪራይ በላይ የከፈሉት ከ39,000 በላይ ነው፤ ወደ 98,000። ቢያንስ ሁለት ዓመት ከኖሩበት የትርፍ ታክስ አይኖርብዎትም፣ ለነጠላ እስከ 250,000፣ ለባለትዳሮች እስከ 500,000 ዶላር ትርፍ ነጻ ነው። ግን እዚህ ነጻ የሚደረግ ትርፍ የለም። ዝውውሩ የተረጋገጠ ካልሆነና ቤቱን አከራይተው መሄድ ከቻሉ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ጊዜ እንደገና ይደውሉልኝ፣ የኪራዩን ቁጥር ይዘው።