ቤልት ሎደሩ አውሮፕላኑን ሲነካ ሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፋል?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ጉዳዩ ሪፖርት ነው። አዎ፣ ሪፖርት። አሰልቺ እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ራምፕ ላይ፣ ማለትም አውሮፕላን ቆሞ በሚጫንበትና በሚራገፍበት ሜዳ፣ ሱፐርቫይዘር ሆኜ ከጻፍኳቸው ወረቀቶች ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለችኝ አንዲት የግጭት ሪፖርት ናት። የቆመ አውሮፕላን በእኛ ቤልት ሎደር ተነካ። የምሠራው አሜሪካ ነው። የኤርፖርቱንም የአየር መንገዱንም ስም አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው።

ቤልት ሎደር የምንለው ሻንጣውን በሚሽከረከር ቀበቶ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ የሚያወጣውን ረጅም አፍንጫ ያለውን ተሽከርካሪ ነው። በአውሮፕላን መስኮት ወደ ታች ስታዩ ሻንጣችሁ ዳገት የሚወጣበት ማለት ነው። 3 ቶን ገደማ ይመዝናል። አፍንጫው ጫፍ ላይ ወፍራም ጎማ አለው። ያ ጎማ አውሮፕላኑን እንዲነካ አይደለም የተሠራው፣ ድንገት ከነካ እንዳይቧጭር ነው። በመሃላቸው ሁልጊዜ ክፍተት መኖር አለበት። ምክንያቱም አውሮፕላን ዕቃና ነዳጅ ሲጫንበት ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲራገፍለት ደግሞ ሽቅብ ይነሳል። አስጠግታችሁት ከቆማችሁ ራሱ መጥቶ ይቀመጥባችኋል።

ማታ ነበር። ዝናቡ ቢያባራም አስፋልቱ አልደረቀም። አውሮፕላኑ ቦይንግ 787 ነው፣ የሚጫነው ደግሞ ኋላ ባለችው በትንሿ የዕቃ በር። ሹፌሩ የኛው ልጅ ነው፣ ጎበዝና ጥንቁቅ። በሬዲዮ ጠራኝና «ጋሼ፣ ቶሎ ናልኝ» አለኝ፣ በአማርኛ። ይህ ልጅ በሥራ ሬዲዮ ላይ አማርኛ ተናግሮ አያውቅም። ያኔውኑ ጉድ እንደፈላ ገባኝ።

ስደርስ ልጁ መሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል። ሌላው ጫኝ ደግሞ ከበሩ ጫፍ በታች ያለውን የአውሮፕላኑን አካል በጓንቱ ሊጠርግ እጁን ሰዷል። ጥቁር የጎማ ምልክት አለ፣ ከመዳፍ ትንሽ የሚበልጥ። ሌላ ምንም የለም። ጉድጓድ የለም፣ ጭረት የለም፣ ቀለሙ እንኳን አልተላጠም። «ጎማ እኮ ነው፣ ይለቃል» አለኝ። «እጅህን አንሳ!» ብዬ ጮህኩበት። ሰው ላይ መጮህ አልወድም፣ ያኔ ግን ጮህኩ። ያ ጥቁር ምልክት የት እንደነካ፣ በምን ከፍታ እንደነካ፣ ከየት ወደ የት እንደገፋ የሚናገር ብቸኛው ነገር ነው። ከተጠረገ ኢንጂነሩ የሚፈልገው ሜዳ ላይ የወደቀ መርፌ ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የዛሬው ወሬዬ ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ።

ድሮ አውሮፕላን ማለት አሉሚኒየም ነው። የ737 ቆዳ ብዙ ቦታ ላይ 1 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ብትገጩት ይጎደጉዳል፣ ይታያል። 787 እና ኤርባስ ኤ350 ግን ቆዳቸው ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው። እነዚህን አውሮፕላኖች የኢትዮጵያ አየር መንገድም ያበራቸዋል፣ ስለዚህ ቦሌ ራምፕ ላይ ያላችሁ ወንድም እህቶቼ ነገሩን በደንብ ታውቁታላችሁ። ጣሳን በጉልበታችሁ ብትጫኑት ተጣሞ ይቀራል። የፕላስቲክ ባልዲን ብትጫኑት ግን ይገባና ተመልሶ ይወጣል። የካርቦኑ ቆዳም እንደዚያ ሊመለስ ይችላል። ችግሩ ከጀርባው ያለው ነው። ከቆዳው ጀርባ ቅርጹን የያዙ ክብ ፍሬሞች አሉ፣ ፍሬሞቹን ከቆዳው ጋር የሚያያይዙ ትናንሽ ማያያዣዎችም አሉ። ቆዳው ገብቶ ሲመለስ እነዚያ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ከውጭ የምታየው ግን ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ አካል ነው። ይህን ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ፓነሎችን በጎማ እየገፉ አሳይተዋል። የሚገርመው ደግሞ ለመከላከያ የተደረገው ጎማ ራሱ ነገሩን ይብስ ይደብቀዋል። ሹል ብረት ቢሆን ምልክት ይተው ነበር። ጎማ ግን ኃይሉን ሰፊ ቦታ ላይ ዘርግቶ ውስጡን ይጎዳና ውጭውን ይተወዋል።

ኃይሉ ስንት ነው? 1 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ2 ሜትር ቢወድቅ ጉልበቱ 20 ጁል ያህል ነው። 3 ቶን የሚመዝን ቤልት ሎደር በሰከንድ 1 ሜትር ቢሄድ፣ ማለትም ከሰው እርምጃ ቀስ ብሎ፣ 1,500 ጁል ይሆናል። «እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው የነካሁት» የሚል ሰው አይዋሽም። በእርግጥም ቀስ ብሏል። 3 ቶን ግን ቀስ ብሎም 3 ቶን ነው።

ወደዚያ ማታ ልመልሳችሁ። ሥራው ቆመ። ተሽከርካሪው ካለበት እንዳይነቃነቅ አልኩ፣ የሚነቃነቅበት አደጋ ስላልነበረ። ፎቶ ተነሳ፤ መጀመሪያ ከሩቅ አውሮፕላኑና ተሽከርካሪው አንድ ላይ፣ ከዚያ ቀረብ ተብሎ ምልክቱ ጎን ሜትር ተይዞ። ከበሩ የታችኛው ጠርዝ ስንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንደሚል፣ ከበሩ የኋላ ጠርዝ ስንት እንደሚርቅ ለካሁ። ለካፒቴኑ ተነገረ፣ ኢንጂነር ተጠራ። ሹፌሩና ጫኞቹ ለየብቻ ያዩትን ጻፉ፣ ተነጋግረው አንድ ወሬ እንዳይሆን። ልጁ ለአልኮልና ለአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ተወሰደ። ደንብ ነው፣ ማንም ይሁን ማን ይወሰዳል። ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ከዚያ የሪፖርቱ ነገር መጣ። ሥራ እንዲቀልልኝ ብሎ አንድ ባልደረባዬ አርቅቆ ጠበቀኝ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ተሽከርካሪው ወደ አውሮፕላኑ ሲጠጋ በቀላሉ ነካው። ጉዳት አልታየም። ምክንያቱ የሹፌር ጥንቃቄ ማነስ ነው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስቱም አይረቡም። እውነት ለመናገር አብዛኛው የግጭት ሪፖርት እንደዚህ ነው የሚጻፈው።

«በቀላሉ» ምን ማለት ነው? ኢንጂነሩ ምን ያህል ክፍት አድርጎ ማየት እንዳለበት የሚወስነው እኛ በምንጽፈው ነው። ተሽከርካሪው ምንድነው፣ ክብደቱ ስንት ነው፣ ጎማ ነው ወይስ ብረት የነካው፣ በቀጥታ ነው ወይስ በሰያፍ፣ ነክቶ ተመለሰ ወይስ ተደግፎ ቆየ። «በቀላሉ» ካልነው በውጭ አይቶ ሊያልፍ ይችላል። «ጉዳት አልታየም» ደግሞ ጭራሽ የእኛ ሥራ አይደለም። እኔ ራምፕ ነኝ። እኔ የማውቀው ልጁ መቀመጫው ላይ ሆኖ ምን እንደተሰማው ነው። ስለዚህ የጻፍኩት እሱ የነገረኝን ነው፦ እግሩ ከፍሬኑ ተንሸራቶ ተሽከርካሪው ወደፊት እንደሄደ፣ አፍንጫው ሲነካ የአውሮፕላኑ አካል ሲገፋ እንዳየ፣ ከዚያ ተሽከርካሪው ወደ ኋላ እንደነጠረ። ይህቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ወርቅ ናት። ከነጠረ ቆዳው ገብቶ ተመልሷል ማለት ነው። ኢንጂነሩ ይህን ሲያነብ የባትሪ መብራቱን አጥፍቶ «የውስጡን ሽፋን እናወልቃለን» አለ።

«የሹፌር ጥንቃቄ ማነስ» የሚለውንም ሰረዝኩት። ልጁ መጀመሪያ ሲጠጋ ሁሉን በደንቡ አድርጎ ነበር። የአውሮፕላኑ ሞተሮች እስኪጠፉና ጎማዎቹ እንዳይንከባለሉ ቾክ እስኪደረግባቸው ጠብቋል፣ ርቆ ቆሞ ፍሬኑን ሞክሯል፣ በመሪ ሰው ምልክት ነው የገባው። ግጭቱ የደረሰው ሁለተኛ ሲጠጋ ነው። ለምን ሁለተኛ? ዶሊዎች የምንላቸው ተጎታች የሻንጣ ጋሪዎች መንገድ ዘግተው ስለነበር ወደ ኋላ እንዲወጣ ተደረገ። ተመልሶ ሲገባ ምልክት የሚሰጠው ሰው አልነበረም፣ የጫኝ ቁጥር አንድ ጎድሎ ስለነበር ሻንጣ ሊያነሳ ሄዷል። የፍሬን ሙከራውም አልተደገመም። ፔዳሉ ላይ ያለው ጎማ ደግሞ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፣ የልጁ ጫማም እርጥብ ነው። የፔዳሉን ፎቶ ሪፖርቱ ውስጥ አስገባሁት። ይህን ያልወደዱት ሰዎች ነበሩ፣ ፔዳል የሚቀይረው ሹፌር አይደለማ።

አሁን ውጤቱን ትጠብቃላችሁ። ሽፋኑ ወለቀ፣ ፍሬሞቹ ታዩ፣ በአልትራሳውንድ መሣሪያ ቆዳው ተፈተሸ። ምንም አልተገኘም። አዎ፣ ምንም! በረራው ሌሊቱን ተበላሸ፣ መንገደኛው ሆቴል ተወሰደ፣ በማግስቱ አለቃዬ ቢሮው ጠርቶኝ «ለጎማ ምልክት ይሄን ሁሉ?» አለኝ።

ስለ ሲያትል ነገርኩት። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2005 የአላስካ አየር መንገድ በረራ 536፣ ኤምዲ-83 አውሮፕላን፣ ከሲያትል ወደ ካሊፎርኒያዋ በርባንክ ተነሳ። ከመነሳቱ በፊት አንድ የራምፕ ሠራተኛ በተሽከርካሪ ነክቶት ነበር፣ ግን በወቅቱ አልተናገረም። አውሮፕላኑ 26 ሺህ ጫማ አካባቢ ሲደርስ የተነካው ቦታ ተቀደደ፤ 30 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ። የጓዳው አየር ወጣ፣ የኦክስጅን ጭምብል ወረደ፣ አብራሪዎቹ በፍጥነት ዝቅ ብለው ወደ ሲያትል መለሱት። ሁሉም በሰላም ወረዱ። ያ እንግዲህ አሉሚኒየም ነው፣ የሚጎደጉደው ዓይነት። መሬት ላይ እጥፋት የነበረችው ነገር ከፍታ ላይ ሌላ ነገር ናት። አውሮፕላን ከፍ ሲል የውስጡ አየር ቆዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ በመደበኛው የበረራ ከፍታ በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ቶን ባላነሰ ኃይል።

አለቃዬ ዝም ብሎ ሰማኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ከላይ የሚጠይቀው አለው። «ልጁንስ ምን እናድርገው?» አለኝ። ምርመራው ንጹሕ ነው የወጣው። ሪፖርቱን ሰጠሁትና «ይሄ ሁሉ የተጻፈው እሱ ስለተናገረ ነው፤ እሱን ካባረርክ ግን የሚቀጥለው ሹፌር ምልክቱን ጠርጎ ሻንጣውን ይጭናል» አልኩት። ልጁ ሥልጠናውን እንደገና ወስዶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዛሬም አብረን ነን። አሁንም «ጋሼ» ነው የሚለኝ፣ በሬዲዮ ግን ወደ እንግሊዝኛው ተመልሷል።

ከዚያ ወዲህ የተቀየረው አንድ ነገር ነው፦ ሁለተኛ መጠጋትም እንደ መጀመሪያው ይቆጠራል፣ መሪ ሰው ከሌለ ተሽከርካሪው ንቅንቅ አይልም። ፔዳሎቹም ተቀየሩ። የሪፖርቱ ቅጽ ግን እንዳለ ነው። አሁንም «ጉዳት አለ» እና «ጉዳት የለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው ያሉት። «አልተመረመረም» የሚል ሦስተኛ ሳጥን ይጨመር ብዬ ጽፌያለሁ። መልስ አልመጣም። እስከዚያው ሁለቱንም ባዶ ትቼ ጎኑ ላይ በእጄ እጽፋለሁ።