«ዲስከስ» የሚለው ጥያቄ ላይ ማርክ የት ነው የሚጠፋው?

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሠራሁትን የካምብሪጅ አይጂሲኤስኢ ኢኮኖሚክስ ፔፐር ቱ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። «ዲስከስ ዌዘር ኦር ኖት» የሚለው ላይ የማውቀውን ሁሉ ጽፌ ከ8 ያገኘሁት 4 ነው። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ፎቶው ደርሶኛል፤ ቀኝ ጠርዙ ግን ተቆርጧል። እዚያ ጠርዝ ላይ በቅንፍ ያለችው ቁጥር የጥያቄው አካል ስለሆነች ሌላ ጊዜ አብረሽ አንሺያት። በሴክሽን ቢ የእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ክፍሎች 2፣ 4፣ 6 እና 8 ማርክ አላቸው፤ የመጨረሻው «ዲስከስ» ነው።

ከእሱ በፊት ግን የፊት ገጹን እንይ። ጥያቄ 1ን ሥሪ፣ ከሴክሽን ቢ ሦስት ምረጪ ይላል። አንቺ አራቱንም ጀምረሻል። ፈተናው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ ማርኩ 90። ስለዚህ ለአንድ ማርክ ደቂቃ ተኩል አለሽ፤ ለ«ዲስከስ» ደግሞ 12 ደቂቃ። አራተኛውን ስትሞክሪ ያጠፋሽው ጊዜ ከእነዚህ 12 ደቂቃዎች ላይ የተቆረጠ ነው።

አሁን ወደ መልስሽ። ጥያቄው የአንድ አገር ገንዘብ ምንዛሪ መውረድ ኢኮኖሚውን ይጠቅም እንደሆነና እንዳልሆነ ይጠይቃል። አንቺ «ኤክስፖርት ይጨምራል፣ ሥራ ይፈጠራል፣ ቱሪስት ይበዛል፣ የውጭ ምንዛሪ ይገኛል» ብለሻል። አንዱም ስህተት የለውም። ችግሩ ሁሉም «ይጠቅማል» በሚለው ወገን መቆማቸው ነው። በካምብሪጅ የማርክ አሰጣጥ ከ6 እስከ 8 ለማግኘት የግድ ሁለቱም ወገን መታየት አለበት፤ አንዱ ከሌላው ጠለቅ ቢል ግን ችግር የለም። በአንድ ወገን ብቻ የተጻፈ መልስ የቱንም ያህል ቢያምር ከ5 አያልፍም።

ሁለተኛው ጉድለት ነጥቦቹ መደርደራቸው ነው። ከአራቱ አንዱን ውሰጂና እስከ መጨረሻው ተከተዪው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ ያየነውን አስቢ። ብር ሲወርድ ቡናችን ለውጭ ገዢ በዶላር ሊረክስ ይችላል፤ ሲረክስ ብዙ ይገዛል፤ የሚገዛው መጠን ከዋጋው ቅናሽ በላይ ካደገ ከቡና የሚገባው ዶላር ይጨምራል፤ ላኪውም ተጨማሪ ሠራተኛ ይቀጥራል። ይህ አንድ ነጥብ ነው፤ ግን ተንትነሽዋል። ከዚያ አዲስ አንቀጽ ጀምሪና ተገላቢጦሹን ጻፊ፦ ነዳጅና ማዳበሪያ የሚገዙት በዶላር ስለሆነ በብር ይወደዳሉ፤ ሰው ቢወደዱም መግዛቱን አይተውም፤ የትራንስፖርትና የእርሻ ወጪ ይጨምራል፤ ገበያ ላይ ዋጋ ይንራል። በየወገኑ ሁለት ሁለት እንዲህ ያለ ሰንሰለት ከደረደርሽ ይበቃሻል። በመጨረሻ «ስለዚህ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብሎ የጻፉትን መድገም ቀለም መጨረስ ነው።

ባለ 6 ማርኩ «አናላይዝ» ላይ ደግሞ ተቃራኒውን አድርገሻል። እሱ የሚፈልገው ከምክንያት ወደ ውጤት የሚሄደውን ሰንሰለት ብቻ ነው። «በሌላ በኩል ግን» ብለሽ የጨመርሽው ግማሽ ገጽ ማንም አልጠየቀሽም።

ጥያቄ (አባት፣ ከዱባይ)፦ የእኔ ልጅ ኤ ሌቭል ላይ ነው። የእሱ ፔፐር «ኢቫሉዌት» ይላል። ያው ሁለቱን ወገን መጻፍ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እዚያ ድረስ ልክ ነዎት፤ ግን እዚያ አያበቃም። በኤ ሌቭል ኢኮኖሚክስ ፔፐር ፎር አንድ ድርሰት 20 ማርክ ነው፤ 14ቱ ለዕውቀትና ለትንተና፣ 6ቱ ለግምገማ። ሁለቱን ወገን አስተካክሎ ጽፎ ሳይፈርድ የተነሣ ተማሪ የሚያጣው እነዚያን 6 ነው።

ፍርዱ ደግሞ በምክንያት የቆመ መሆን አለበት። «እኔ እንደሚመስለኝ ይጠቅማል» ፍርድ አይባልም። ከላይ ያነሣነውን ምሳሌ ብንቀጥል፣ ልጅዎ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ የቡና ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ ገዢው ቢበዛም ገበሬው ወዲያው ብዙ ማቅረብ አይችልም። ነዳጁ ግን የሚወደደው ወዲያው ነው። እንግዲህ በአጭር ጊዜ ጉዳቱ ያመዝናል፤ በረጅም ጊዜ ሊጠቅም የሚችለው ምርቱን ማሳደግ ከተቻለና የዋጋ ንረቱ የምንዛሪውን ቅናሽ ካልዋጠው ነው። አያችሁ፣ የትኛው እንደሚያመዝን፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደሆነ ተናግሯል።

እቤት ያለፈ ድርሰቱን አውጥቶ የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ ያንብብልዎት። ከላይ ያልነበረ ሚዛን ካላገኙበት፣ ያ አንቀጽ እንደገና ይጻፍ።