የልጆች ቪዲዮ ላይ ኮሜንቱ የት ሄደ?

እንደምን ዋላችሁ! እሁድ ከሰዓታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከሰሚት፣ ከቱሉ ዲምቱ የመጣችሁም እንዳላችሁ አይቻለሁ። እዚህ ኮዬ ፈጬ ውስጥ በስልክ ቀርጸው ተረት፣ ፊደል፣ መዝሙር ዩቲዩብ ላይ የሚጭኑ እናቶችና ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ኮሜንቱ የት ሄደ? ደወሏስ?» ዛሬ የማወራው ስለዚህ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሜሪካ ነው። ኮፓ የሚባል ሕግ አላቸው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ፣ ወላጁ ሳይፈቅድ፣ የግል መረጃ በኢንተርኔት መሰብሰብ አይቻልም ይላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽንና የኒውዮርክ ግዛት ጉግልና ዩቲዩብን በዚህ ሕግ ከሰሷቸው፣ ኩባንያውም 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በኋላ ነው ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ እያንዳንዱን ቪዲዮ ለልጆች የተሠራ ነው ወይስ አይደለም ብለን እንድንናገር ያስገደደን። ሕጉ የአሜሪካ ቢሆንም ግዴታው የትም አገር ያለን ቻናል ይመለከታል፣ እኛንም ጭምር።

አሁን ልብ በሉ። አንድ ቪዲዮ «Made for kids» ከተባለ ዩቲዩብ የሚያየውን ሰው ሁሉ እንደ ልጅ ይቆጥረዋል። አያት ብታየው፣ አባት ብቻውን ቁጭ ብሎ ቢያየው፣ ለውጥ የለውም። የእናት ስልክ ልጅ እጅ ላይ ይሁን እናት እጅ ላይ ስለማያውቅ ሁሉንም እንደ ልጅ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ተመልካቹን የሚያስታውስ ወይም ተመልካቹ የራሱን ነገር የሚጽፍበት አብዛኛው ነገር ይዘጋል። ኮሜንት የለም። እንቁጣጣሽ ላይ ላይቭ ገብታችሁ ለልጆች ተረት ብትነግሩ የላይቩ ቻት አይሠራም። ተመልካቹ ቪዲዮውን ለራሱ ፕሌይሊስት ወይም በኋላ ላየው ብሎ ማስቀመጥ አይችልም። የተመልካቹን ልማድ ተከትሎ የሚመጣው ማስታወቂያ ይቀራል፣ ከቪዲዮው ይዘት ጋር የሚሄደው ማስታወቂያ ግን ሊመጣ ይችላል። በቪዲዮው መጨረሻ የምናስቀምጣቸው «ቀጥሎ ይህን እዩ» የሚሉ ሳጥኖችና መሀል ላይ የሚወጡት ካርዶችም አይታዩም። ሙሉ ቻናሉ ለልጆች ከተባለ ደግሞ ደወሏም፣ ሜምበርሺፑም፣ የጽሑፍ ፖስቱም አብረው ይሄዳሉ።

ትልቁ ችግር የሚፈጠረው ቻናሉ ቅይጥ ሲሆን ነው። እንበል አንዲት እናት ቻናል አላት። ሰኞ የአንበሳና የጦጣ ተረት ትጭናለች። ሐሙስ ደግሞ ለእናቶች የልጆችን የምሳ ዕቃ እንዴት እንደምታዘጋጅ ታሳያለች፣ ሽሮውን ምን አድርጋ እንዳልደረቀባት፣ ዳቦው እንዳይሻግት ምን እንደምታደርግ። በYouTube Studio «Settings»፣ ከዚያ «Channel»፣ ከዚያ «Advanced settings» ገብታ ቻናሌ በሙሉ ለልጆች ነው የሚለውን መረጠች። ልጆች ስላሉበት ትክክል መስሏት ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? የሐሙሱም ቪዲዮ ኮሜንቱ ተዘጋ። «እኔ ጋ ሽሮው ይረጋል፣ ምን ላድርግ?» ብለው የሚጠይቋት እናቶች መጻፊያ አጡ። እሷ ደግሞ ኔትወርክ ነው፣ ስልኬ ነው እያለች ትቆያለች።

መፍትሔው እዚያው ገጽ ላይ ነው። ሦስት ምርጫ አለ። ሁሉም ለልጆች፣ ሁሉም ለልጆች ያልሆነ፣ ወይም በየቪዲዮው ልወስን። ቅይጥ ቻናል ያላችሁ ሦስተኛውን ምረጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ቪዲዮ ስትጭኑ «Audience» የሚለው ቦታ ላይ መልስ ትሰጣላችሁ። ተረቱ አዎ፣ የምሳ ዕቃው አይደለም። ከተጫነ በኋላም ለማወቅ ቀላል ነው፣ በStudio የቪዲዮዎቻችሁ ዝርዝር ውስጥ «Restrictions» የሚለው ዓምድ ሥር «Made for kids» ተብሎ ተጽፏል።

«ልጅ ስለታየበት ብቻ ለልጆች ይሆናል ወይ?» አይሆንም። የምሳ ዕቃው ቪዲዮ ውስጥ ልጇ ቆማ ብትስቅ እንኳ ወሬው ከእናቶች ጋር ነው። ዩቲዩብ ራሱ በምሳሌነት የሚያነሳው አለ፣ አንድ ቤተሰብ መዝናኛ ቦታ ሄዶ ለሌሎች ወላጆች የሚያወራበት ቪዲዮ የግድ ለልጆች አይባልም። ተረቱ ግን «ተረት ተረት» ብላችሁ ልጆቹ «የላም በረት» እንዲሉ የምትጠብቁበት ስለሆነ ቋንቋውም፣ ገጸ ባሕርያቱም፣ ታሪኩም ልጅን ያናግራል። እዚያ ላይ መከራከር አያዋጣም።

አሁን ወደ ርዕስ፣ መግለጫና ታግ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ብልጠት የሚሞክረው እዚህ ላይ ነው። ርዕሱም መግለጫውም ቪዲዮው ለማን እንደሆነ ከሚታይባቸው ነገሮች መካከል ናቸው። አንዳንዱ ልጆች ፈልገው እንዲያገኙት «አዝናኝ ተረት ለልጆች» ብሎ ይጽፍና ኮሜንቱ እንዳይዘጋበት «ለልጆች አይደለም» የሚለውን ይጫናል። በገዛ እጁ ለልጆች ነው ብሎ ጽፎ በሌላ እጁ ይክዳል። ሌላው ደግሞ ተረቱን «ለወላጆች» የሚል ርዕስ ሰጥቶ ያመልጥ ይመስለዋል። ዩቲዩብ ቪዲዮዎችን በማሽን ይፈትሻል፣ ርዕሱ ስለተቀየረ ደግሞ ተረቱ አይቀየርም። ራሱ ካመነበት ለልጆች ነው ብሎ ይመድበዋል። ያኔ እናንተ መልሳችሁ መቀየር አትችሉም፣ አቤቱታ ማቅረብ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። በStudio ያንተ ውሳኔ ነው ወይስ የዩቲዩብ የሚለው ተለይቶ ስለሚጻፍ ተመልከቱት። አቤቱታ የምታቀርቡት በእውነት ተሳስቶ ከሆነ ነው፣ የምሳ ዕቃውን ቪዲዮ ለልጆች ብሎ ከመደበው ለምሳሌ። የተረቱን ግን ተዉት።

ታዲያ ተረቱ ላይ ምን ይቀራል? ከሚመስላችሁ በላይ። ርዕሱ፣ ታምኔሉ፣ መግለጫው የእናንተው ነው፣ በፍለጋም ይገኛል፣ ሰብስክራይብም ይሠራል። ስለዚህ መግለጫውን ስልኩን ለያዘው ወላጅ ጻፉለት፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን፣ ተረቱ የሚያስፈራ ቦታ ካለው የቱ ጋ እንደሆነ። የመጨረሻዎቹ ሳጥኖች ስለሌሉ የእንስሳት ተረቶችን በአንድ ፕሌይሊስት፣ ፊደሉን በሌላ አድርጋችሁ ቻናላችሁ ገጽ ላይ ደርድሩ፣ ልጁ አንዱን ሲጨርስ ቀጣዩ ይከተላል። ደግሞ እባካችሁ ተረቱ ውስጥ «ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ» የሚለውን አውጡት፣ ልጁ የሌለ ነገር ሲፈልግ ይቆያል። ከወላጆች ጋር ማውራት ከፈለጋችሁ የሐሙሱ ቪዲዮ ላይ አውሩ፣ ኮሜንቱ እዚያ ክፍት ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡና Studioን ክፈቱ። ከቪዲዮዎቻችሁ አሮጌውን ቅድሚያ ስጡት፣ ብዙ ጊዜ የተረሳው እሱ ነው። የተጠራጠራችሁበትን ወደ እኔ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።